ከምናባዊ አድራሻ ወደ እውነተኛው፦ የባለ ሁለት ደረጃ የገጽ ሰንጠረዥ አሠራር

ማንኛውም ፕሮግራም የሚያውቀው ምናባዊ አድራሻን ብቻ ነው። መረጃው በማህደረ ትውስታ ውስጥ የተቀመጠበትን እውነተኛ ቦታ ፈልጎ የሚያገኘው ፕሮሰሰሩ ሲሆን፣ የሚመራውም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ባዘጋጀው የገጽ ሰንጠረዥ ነው። ሬምዚ እና አንድሪያ አርፓቺ-ዱሶ ለተማሪዎች ባዘጋጁት መጽሐፍ ውስጥ ያለው መልመጃ ይህን አሠራር በወረቀት ሊሰላ በሚችል ትንሽ ማሽን ላይ ያሳያል። የማሽኑ ምናባዊ አድራሻ 15 ቢት፣ አንዱ ገጽ 32 ባይት ነው፤ ማህደረ ትውስታው ደግሞ ከ0 እስከ 127 የተቆጠሩ 128 ፍሬሞች አሉት።

ምናባዊው ቦታ 1024 ገጾች አሉት። ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ባይት የሚይዝ ወጥ ሰንጠረዥ ቢሠራ፣ ሰንጠረዡ ብቻውን 32 ፍሬሞችን፣ ማለትም የማህደረ ትውስታውን ሩብ ይወስዳል። አብዛኛው ፕሮግራም ግን የሚጠቀመው በጥቂት ገጾች ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ በገጽ ልክ ይቆራረጥና ቁራጮቹ የት እንዳሉ የሚናገር ማውጫ ይደረግለታል። ባዶ የሆነው ቁራጭ ጭራሹኑ አይፈጠርም፤ የዘዴው ትርፍ ሁሉ ከዚህ የሚገኝ ነው።

አድራሻው 0x2E66፣ ማውጫው ያለውም በፍሬም 73 ነው እንበል። አድራሻው በባይነሪ ተጽፎ በአምስት አምስት ቢት ሲከፈል ይህን ይመስላል፦

```
01011 10011 00110
  11    19     6
```

ከፍሬም 73 ባይት 11 ሲነበብ 0xA2 ተገኘ። የመጀመሪያው ቢት 1 ስለሆነ ቁራጩ አለ፤ ቀሪዎቹ ሰባት ቢቶች 34 ይሰጣሉ። ቀጥሎ ከፍሬም 34 ባይት 19 ሲነበብ 0xD5 ይገኛል። ይህም የሚሠራ ነው፤ ቁጥሩ 85 ይሆናል። የመጨረሻው ስሌት እንዲህ ነው፦

```
85 * 32 + 6 = 2726 = 0xAA6
```

ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የመጀመሪያውን ቢት ሳያነሳ ሲቀር ነው። 0xA2 እንዳለ ከተወሰደ 162 ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ፍሬም ስለሌለ ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል። 0x7F የበለጠ ያታልላል። ፍሬም 127 ይምሰል እንጂ የመጀመሪያ ቢቱ 0 ነው። በማውጫው ላይ ከተገኘ ሁለተኛ ሰንጠረዥ ስለሌለ ፍለጋው እዚያው ያበቃል፤ በሁለተኛው ላይ ከተገኘ ደግሞ የጠፋው ገጹ ራሱ ነው። መልሱን ለማረጋገጥም ቀላል መንገድ አለ፤ የሁለቱ አድራሻዎች የመጨረሻ አምስት ቢቶች ምንጊዜም አንድ መሆን አለባቸው። እዚህም ሁለቱም በ00110 ያበቃሉ።

ዘዴው ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ባይት ለማንበብ ማህደረ ትውስታው ሦስት ጊዜ ይነካል፤ ፕሮሰሰሮች በቅርቡ የተተረጎሙ አድራሻዎችን በፈጣን መዝገብ የሚያቆዩት ለዚህ ነው። የ64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮችም ይህንኑ አካሄድ ይከተላሉ፤ ልዩነቱ ደረጃው በተለምዶ አራት፣ የእያንዳንዱ ደረጃ ድርሻም 9 ቢት መሆኑ ነው።