ጥሬ ድንች ለምን አረፋ ያስነሳል?

ከፋርማሲ የሚገዛው የቁስል ማጠቢያ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ሳለ ወደ ውሃና ኦክስጅን የሚለወጠው እጅግ በዝግታ ነው። ሞለኪውሎቹ ያለማቋረጥ ይጋጫሉ፤ ነገር ግን አብዛኛው ግጭት ትስስራቸውን ለመበጠስ የሚበቃ ጉልበት የለውም። ጥሬ ድንች ሲጨመርበት ግን ወዲያው አረፋ ይገነፍላል። ድንቹ ውስጥ ያለው ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም፣ ማለትም ካታሊስት፣ አነስተኛ ጉልበት የሚጠይቅ ሌላ መንገድ ስለሚከፍት ደካማ የነበረው ግጭት አሁን ይበቃል። ኢንዛይሙ ራሱ በሥራው አያልቅም።

ድንቹ ቢፈቀፈቅ ፈሳሹ የሚያገኘው ገጽ ስለሚሰፋ አረፋው ይበረታል። ለብ ማድረግም ሞለኪውሎቹን ያፈጥናል፤ በቂ ጉልበት ያላቸው ግጭቶችም ይበዛሉ። በደንብ የተቀቀለ ድንች ግን አረፋ አያስነሳም፤ ሙቀቱ የኢንዛይሙን ቅርጽ አበላሽቶታል።