‹‹ሞከርኩ›› በእንግሊዝኛ ምን ይሆናል?

ልጆቻቸው ለውጭ አገር ስኮላርሺፕ የሚያመለክቱ ወላጆች ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው የትርጉም ቢሯችን ሲመጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የድጋፍ ደብዳቤ አብረው ይወጣሉ። እነዚህ አያስቸግሩንም፤ ቅርጻቸው የታወቀ ስለሆነ ተርጉመን ማኅተም እናደርግባቸዋለን። የሚከብደን ማኅተም የማያስፈልገው ጽሑፍ ነው። አመልካቹ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሠራና ለምን መማር እንደሚፈልግ በራሱ አንደበት የሚናገርበት፣ ‹‹ፐርሰናል ስቴትመንት›› የሚባለው ገጽ።

እኛ ዘንድ ጨዋ ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ዝቅ ብሎ ነው። ማመልከቻው ግን ምን እንደሠራችሁ በግልጽ ይጠይቃል። የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠውን የቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ ብትወስዱ፣ አመልካቹ የመምራት ችሎታውን በምሳሌ እንዲያሳይ ይፈልጋል። በዚህ መሀል ጽሑፉ ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል። ቃል በቃል ከተተረጎመ ጸሐፊው ምንም ያልሠራ ይመስላል፤ ‹‹እንዲያምር›› ተብሎ ከተጋነነ ደግሞ የልጁ መሆኑ ይቀራል።

አምና የተረጎምኩትን አንድ ጽሑፍ በባለቤቷ ፈቃድ፣ ስሟን ሳልጠቅስ ላሳያችሁ። ጸሐፊዋ ካዛንቺስ ተወልዳ ያደገች አዋላጅ ነርስ ናት፤ በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ መማር ትፈልጋለች። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ብዙ የካዛንቺስ ነዋሪዎች በመልሶ ማልማቱ ምክንያት ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወሩ፣ እሷ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ የወለዱ እናቶችም አብረው ሄዱ። ሕፃናቱ በ45ኛ ቀናቸው መከተብ ሲገባቸው በቀጠሯቸው ሳይመጡ የቀሩት በረከቱ። ይህን በአማርኛ የጻፈችው እንዲህ ብላ ነበር፦ ‹‹ሰፈራችን ከተነሣ በኋላ እናቶች ከክትትል እንዳይቀሩ ከባልደረቦቼ ጋር ሆነን እንደ አቅማችን ለመርዳት ሞክረናል።››

ወደ እኔ ስትመጣ አንድ የምታውቀው ሰው የሠራላትን እንግሊዝኛም ይዛ ነበር። መልሼ በአማርኛ አነበብኩላት፦ ‹‹የማኅበረሰቤን ሕይወት የለወጠ ታላቅ ንቅናቄ ከፊት ሆኜ መራሁ።›› ሳቀችና ‹‹ኧረ ይቺ እኔ አይደለሁም›› አለች። እውነቷን ነው። ይሁንና የራሷም ዓረፍተ ነገር እንዳለ ቢሻገር አያዋጣትም ነበር፤ ሦስት ቦታ ላይ ይሰናከላል።

የመጀመሪያው ‹‹ሞክረናል›› የሚለው ነው። በአማርኛ ‹‹ለመርዳት ሞከርኩ›› ያለ ሰው ረድቷል ማለት ነው፤ ራሱን ላለማስቀደም ነው እንዲያ የሚለው። እንግሊዝኛው ‹‹አይ ትራይድ ቱ ሄልፕ›› ሲሆን ግን አንባቢው ‹‹ሞከረች፣ አልሆነላትም›› ብሎ ሊረዳው ይችላል። ስለዚህ የተሠራ ነገር ሲሆን ‹‹ሠራሁ›› ብሎ መጻፍ ጉራ አይደለም። ‹‹ሞከርኩ›› የሚባለው በእርግጥ ሞክራ ላልተሳካላት ነገር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ‹‹እኛ›› ነው። መልማዩ የሚመርጠው አንድ ሰው ስለሆነ ከ‹‹እኛ›› ውስጥ እሷ የትኛዋ እንደሆነች ማወቅ ይፈልጋል፤ ለቃለ መጠይቅ ብትቀርብም መጀመሪያ የምትጠየቀው ይህንኑ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ‹‹በገዛ እጅሽ የሠራሽው ምንድን ነው?›› አልኳት። የቀሩትን እናቶች ስምና ስልክ በደብተር መዝግባ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትደውልላቸው ነበር። ለአዲሱ ሰፈር የሚቀርበውን ጤና ጣቢያ ታጣራ የነበረችው ሌላ ባልደረባዋ ናት። ‹‹ስንት እናቶች?›› ስላት ‹‹ብዙ›› አለች። ደብተሩን አምጥታ ስንቆጥር 63 ስም ተገኘ፤ ከነዚህ 41ዱ ልጆቻቸውን አስከትበዋል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በአማርኛ ‹‹ጻፍኩ››፣ ‹‹ደወልኩ›› ስንል ባለቤቱ ግሱ ውስጥ ተደብቋል፤ ‹‹እኔ›› ማለት አያስፈልገንም። እንግሊዝኛ ግን በየዓረፍተ ነገሩ ‹‹አይ›› ካላሉት አይቆምም። አንድ ገጽ ሙሉ ‹‹እኔ፣ እኔ›› ሲሆን ያየች አመልካች ትሸማቀቃለች፤ አንባቢውም ይሰለቻል። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን በሌላ ባለቤት መጀመር ነው። እናቶቹ ሄዱ፣ ሕፃናቱ ቀሩ፣ ባልደረባዬ አጣራች ይባላል። ‹‹አይ›› የሚመጣው በእርግጥ እሷ ከሠራችው ነገር ላይ ብቻ ነው።

ተጨማሪ ጥያቄዎች ጠይቄያት የተስማማንበት እንግሊዝኛ በአማርኛ ሲነበብ ይህን ይመስላል፦

‹‹በ2024 መጨረሻ ሰፈሬ ተነሣ። በጤና ጣቢያችን የወለዱ እናቶች ራቅ ወዳለ ቦታ ሄዱ፤ ብዙ ሕፃናትም ለክትባት ሳይመጡ ቀሩ። የቀሩትን በደብተር መዝግቤ ዓርብ ዓርብ ደወልኩላቸው። ባልደረባዬ ለአዲሱ ሰፈራቸው የሚቀርበውን ጤና ጣቢያ ታጣራልኝ ነበር። ደብተሩ ላይ 63 ስም አለ፤ 41ዱ ልጆቻቸውን አስከተቡ። ሃያ ሁለቱን ላገኛቸው አልቻልኩም። እንዲህ ያሉ እናቶች ከመዝገብ እንዳይጠፉ ምን መደረግ እንዳለበት መማር እፈልጋለሁ።››

‹‹ትሑት ነኝ›› የሚል ቃል የለበትም። ትሕትናዋ ያለው ባልደረባዋን በማንሣቷና ያላገኘቻቸውን ሃያ ሁለት እናቶች ባለመደበቋ ነው። ጽሑፉን የሚያስታውሰው አንባቢም፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በዚያው ሃያ ሁለት ያስታውሰዋል። ዓመተ ምሕረቱንም አስተውሉ። ጊዜው በእኛ 2017 ቢሆንም በፈረንጆቹ ገና 2024 ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ የሚጨመረው 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ይህ ሲሳሳት ጽሑፉ ከሥራ ልምድ ማስረጃው ጋር ይጋጫል።

ጽሑፉ የጸሐፊው ሆኖ መቅረቱን የምፈትነው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ እንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ‹‹ይህን ብለሻል?›› እላለሁ። ‹‹እንደዚያ እንኳ አላልኩም›› ከተባልኩ ይሰረዛል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በራሷ አፍ እንድታብራራልኝ እጠይቃለሁ። ነርሷ ይዛው በመጣችው እንግሊዝኛ ላይ ‹‹ፓሽን›› አራት ጊዜ ገብቶ ነበር። ‹‹በአማርኛ ምን ትይዋለሽ?›› ስላት ቃል አጣችለት። አራቱም ወጡ።

ይህ ሁሉ ግን ገደብ አለው። አንዳንድ ስኮላርሺፖች አመልካቹ ጽሑፉን ያለ ሌላ ሰው እገዛ ራሱ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ያዛሉ፤ ‹‹የራሴ ሥራ ነው›› ብሎ እንዲፈርም የሚጠይቁም አሉ። ስለዚህ ወላጆች፣ ወደ ተርጓሚ ከመሄዳችሁ በፊት ልጃችሁ የማመልከቻውን መመሪያ ያንብብ። እገዛ ከተከለከለ እኔ ብዕር አላነሣም። ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች ግን ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦ በገዛ እጅህ የሠራኸው ምንድን ነው? ስንት ነው? ማን ረዳህ? ያልሆነልህስ? መልሶቹን ልጁ በሚችለው ቀላል እንግሊዝኛ ቢጽፋቸው፣ በአይኤልትስ ፈተና ካመጣው ውጤት በላይ ከተራቀቀ የተውሶ እንግሊዝኛ ይልቅ ይታመናሉ።