ፈረዱለት ወይስ ፈረዱበት?

ዳኛው «ለከሳሹ ፈረዱለት» ከተባለ ከሳሹ ረትቷል፤ «በከሳሹ ፈረዱበት» ከተባለ ግን ተረትቷል። ግሱ ያው «ፈረደ» ነው፤ ሰውየው ደስ ብሎት ወይም አዝኖ ከችሎት እንዲወጣ ያደረገው መስተዋድዱ ነው። ከዚህ በታች ያለው መልመጃ እንዲህ ያሉ ግሶችን ይመለከታል። በባዶ ቦታው ለ፣ በ ወይም ከ ያስገቡ።

1. ዳኛው ማስረጃውን መርምረው ____ከሳሹ ፈረዱለት።
2. ጎረቤቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ____ሌባው መሰከረበት።
3. ቤቷ በእሳት ስለወደመ መንደርተኛው ሁሉ ____ሴትዮዋ አዘነ።
4. ልጃቸው ስለዋሻቸው አባት ____ልጃቸው አዘኑ።
5. ማርታ የሰማችውን ምስጢር ____እናቷ ነገረቻት።
6. አበበ በድንበር ምክንያት ____ወንድሙ ጋር ተጣላ።

መልስና ማብራሪያ

1. ለ። «ፈረዱለት» ውስጥ ያለው «ለት» ፍርዱ ለከሳሹ እንደሚበጅ ይናገራል፤ ከስሙ በፊት የሚመጣውም ለ ነው።

2. በ። ምስክርነቱ ሌባውን ይጎዳል፤ «በት» ይህን ያሳያል። ሌባው ንጹሕ ነው ብሎ ቢሆን ኖሮ «ለሌባው መሰከረለት» ይባል ነበር።

3. ለ። እዚህ ግሱ ላይ ቅጥያ ስለሌለ ፍንጩ ያለው በምክንያቱ ውስጥ ነው። ቤቷ የተቃጠለባት ሴት አንጀት ትበላለች፤ ስለዚህ ሐዘኑ ለእሷ ነው።

4. በ። እዚህ ሐዘኑ ቅሬታ ነው። ያሳዘናቸው የልጁ ጥፋት ስለሆነ በልጃቸው አዘኑ።

5. ለ። ምስጢሩን የሰማችው እናት ናት። ይህ ጥያቄ ግን ወጥመድ አለበት፦ ግሱ «ነገረቻት» እንጂ «ነገረችላት» አይደለም። «ነገረችላት» ቢሆን የእናቷን ጉዳይ ለሌላ ሰው አስረዳችላት ማለት ነው፤ «ነገረችባት» ቢሆን ደግሞ አሳበቀችባት። ስለዚህ ለ ከስም በፊት በመጣ ቁጥር ግሱ «ለት» ወይም «ላት» ይጨምራል ማለት አይደለም።

6. ከ። ጠብ ሁለት ወገን ይፈልጋል። ተጣላ፣ ታረቀ፣ ተስማማ፣ ተገናኘ የመሳሰሉት ግሶች ሌላውን ወገን «ከ… ጋር» ብለው ያስገባሉ።

እንዲህ ያለ መልመጃ የሚያዘጋጅ መምህር ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። የመጀመሪያውን ጥያቄ «ዳኛው ____ከሳሹ ፈረዱ» ብሎ ቢያሳጥረው ለም በም ትክክል ይሆናሉ፤ ተማሪው በ ብሎ ቢሳሳት ጥፋቱ የጥያቄው ነው። በሌላ በኩል ቅጥያው ሁልጊዜ ከተተወለት፣ ተማሪው ትርጉሙን ሳይረዳ ከግሱ ላይ ፊደሏን አይቶ ይገለብጣል። መፍትሔው እንደ 1 እና 2 ባሉት ጀምሮ ቅጥያውን ማንሳት፣ በምትኩም እንደ 3 እና 4 ምክንያቱን መጻፍ ነው። ጥያቄው ለተማሪ ከመሰጠቱ በፊት ሦስቱንም ፊደላት በባዶ ቦታው ማስገባትና ማንበብ ይበቃል፤ ሁለቱ ስሜት ከሰጡ ዓረፍተ ነገሩ ገና ፍንጭ ይጎድለዋል።