በራስ ተጽፎ በማሽን የተጠረጠረ ደብዳቤ

አንድ የቡና ላኪ ድርጅት ሠራተኛ ጭነቱ ጅቡቲ ላይ ለምን እንደዘገየ ለውጭ አገር ደንበኛው በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፈ እንበል። ሰዋስው እንዲታረምለት ኮምፒዩተሩ ላይ ላለው አራሚ ፕሮግራም ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ ስህተቱን ለቅሞ ሲያበቃ፣ ከጽሑፉ 60 በመቶው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ እንደሚመስል ያስታውቀዋል። ሰውየው ግን ደብዳቤውን ራሱ ነው የጻፈው። የጥናት ሪፖርትና የፕሮጀክት ሐሳብ እየጻፈ ለሚተዳደር ባለሙያ ደግሞ እንዲህ ያለው ምልክት ክፍያ እስከማስከልከል ሊደርስ ይችላል።

ፕሮግራሙ ሰውየው ሲጽፍ አላየም። መለያዎቹ በአሠራር ቢለያዩም በአብዛኛው የሚመዝኑት ቃላቱ ምን ያህል አስቀድመው እንደሚገመቱ ነው። "ስለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ" የሚል ደብዳቤ ያነበበ የቢሮ ሰው "እናመሰግናለን" የሚለውን ሳያይ ይሞላዋል። ጽሑፍ የሚያመነጩት ማሽኖችም የሚሠሩት የሚከተለውን ቃል እየገመቱ በመሆኑ፣ በቀላሉ የሚገመት ጽሑፍ ሁሉ የእነርሱን ይመስላል። የንግድ ደብዳቤ ደግሞ ከጥንትም በተለመደ ሐረግ የተሞላ ነው!

በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው የሚያውቃቸው ቃላት ውሱን ስለሆኑ ይበልጥ ይጠረጠራል። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆኑ የቶፍል ተፈታኞች የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ለሰባት መለያዎች ሰጥተው ነበር። መለያዎቹ በአማካይ 61 በመቶ ያህሉን የማሽን ናቸው አሉ። በአሜሪካውያን የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሰቶች ላይ ግን እምብዛም አልተሳሳቱም። የሚገርመው ተከትሎ የመጣው ነው። ተመራማሪዎቹ የተፈታኞቹን ድርሰቶች ቻት ጂፒቲ ቃላታቸውን እንዲያበለጽግ ካደረጉ በኋላ ስህተቱ ወደ 12 በመቶ ገደማ ወረደ። ማሽን የነካው አለፈ፣ ያልነካው ተያዘ ማለት ነው።

ስለዚህ እርማቱ ራሱ ውጤቱን ወዲያም ወዲህም ሊገፋው ይችላል። አራሚው የሠራተኛውን ጎርባጣ አባባል አውጥቶ ሁሉም የሚጠቀምበትን ሲተካ፣ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ቆርጦ ከሌሎቹ ጋር ሲያስተካክል፣ ጽሑፉ ይበልጥ የሚገመት ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ጥርጣሬውን የፈጠረው በከፊል ጥርጣሬውን ያስታወቀው ፕሮግራም ነው። ይህን ለማወቅ የመጀመሪያውንና የታረመውን ጽሑፍ ለየብቻ ማስመርመር ይበቃል። ቁጥሩ ከእርማት በኋላ ብቻ ከዘለለ ምክንያቱ ታወቀ። ከመጀመሪያውም ከፍተኛ ከሆነ ግን ነገሩ ያለው በአጻጻፉ ልማድ ውስጥ ነው። የአንድ አንቀጽ ደብዳቤ ለመመዘኛ ስለሚያንስ ቁጥሩ ብዙም አይታመንም።

ቻት ጂፒቲን የሠራው ኦፕን ኤአይ ራሱ በ2023 መጀመሪያ ያወጣውን መለያ በዚያው ዓመት አጋማሽ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አንስቶታል። ለተጠረጠረ ሰው የሚበጀው ማስረጃ ረቂቁ ነው። በጉግል ዶክስ የጻፈ እንደሆነ ጽሑፉ በየሰዓቱ እንዴት እንዳደገ የሚያሳየውን የለውጥ መዝገብ ከፍቶ ለከፋዩ ማሳየት ይችላል። ያለቀለትን ጽሑፍ አምጥቶ የለጠፈ ግን ይህ መዝገብ አይኖረውም።