ወፍጮው ሲጮህ ያደረበት ሰኞ

በደሴ ዙሪያ በአንድ መንደር እናስተምራለን። አንድ ማታ ከተማሪዎቻችን አንዲት እናት ዓይናቸው ቀልቶ መጡ። ጎረቤታቸው የናፍጣ ወፍጮ አላቸው። ሰኞ ደሴ ገበያ ውሎ እህል የሸመተ ሁሉ «ሳላስፈጭ አልገባም» ይላል። ስለዚህ ወፍጮው እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይጮሃል። የጭስ ማውጫው ቱቦ የዞረው ደግሞ ወደ እሳቸው ግድግዳ ነው። እቤት አራስ ልጃቸው ተኝታለች።

«ዛሬ ሌሊት ሄጄ ልክ አገባዋለሁ!» አሉን።

«ሞተር እየጮኸ ማን ይሰማዎታል? በገበያተኛ ፊት የተሰደበ ሰውስ እንዴት እሺ ይላል? ይጻፉለት» አልናቸው።

መጀመሪያ የጻፉት «ሁልጊዜ ሆን ብለህ ትረብሸናለህ» የሚል ነበር። «ሆን ብለህ» የሚለውን አብረን ሰረዝን። የሰው ልብ አይታወቅማ! «ሁልጊዜ» የሚለውንም ሰረዝን። ጎረቤት ጸጥ ያለበትን አንድ ሌሊት ጠርቶ ይከራከርበታል። በምትኩ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ደብዳቤው እንዲህ ሆነ፦

«ለወንድሜ፣
እንደምን ሰነበትህ? ቤተሰቡስ ደህና ነው ወይ? ልጄ ወልዳ እኔ ቤት ናት። ሰኞና ማክሰኞ ወፍጮው እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስለሠራ፣ አራሷም ሕፃኑም አልተኙም። ወፍጮህ ለሁላችን ይጠቅማል፤ ይዘጋ አልልም። ግን ማታ 3 ሰዓት ላይ አቁምልን። ቱቦውንም ወደ ወንዙ አዙርልን። ሳይፈጭ የቀረ እህል ካለ እኔ ቤት ይደር። ነገ ቡና ጠጣ፤ ያንተንም ልስማ።
እህትህ»

ደብዳቤውን በልጅ አልላኩም፤ በር ላይም አልለጠፉም። በቀን፣ ሰው በሌለበት፣ በእጃቸው ሰጡ። ጎረቤት ማንበብ የማይችል ቢሆን፣ ለብቻው ማንበብ ነው።

ባለ ወፍጮው በማግስቱ ለቡናው መጡ። የእሳቸው ቤት ከሞተሩ ጀርባ ስለሆነ፣ ድምፁ ይህን ያህል መሆኑን አላወቁም ነበር። ቱቦውን አዞሩ። በሌላው ቀን 3 ሰዓት ላይ ሊያቆሙ ተስማሙ። ሰኞን ግን «አህያ ጭኖ ከሩቅ የመጣውን እንዴት ልመልሰው?» አሉ። ለሰኞ 4 ሰዓት ላይ ተገናኙ። እናቲቱ የጠየቁትን ሁሉ አላገኙም፤ እንቅልፍ ግን አገኙ።

ጎረቤት እምቢ ቢልስ? ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 1225፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጩኸትን ይከለክላል። ነገር ግን ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤ አንጻፍ። በሕግ የጀመረ ደብዳቤ ጎረቤትን ለቡና ሳይሆን ለክርክር ይጠራል። ሁለት ጊዜ ጽፈን መልስ ካጣን፣ በሽማግሌ እንሞክር። ያም ካልሆነ ወደ ቀበሌ እንሂድ። ለዚያ ቀን እንዲሆነን፣ ቀን የተጻፈበት የደብዳቤው ግልባጭ እቤታችን ይቀመጥ።