ሦስት እንግዳ፣ አንድ ካላንደር

«መቼ ይመችዎታል?» የሚል ኢሜይል ለአንድ ሰው ሲላክ ጨዋነት ነው። ለሦስት ሰው በአንዴ ሲላክ ግን ለዳይሬክተሩ ጸሐፊ የሳምንት ጣጣ ይሆናል። አንዱ «ሰኞ» ይላል፤ ሁለተኛዋ «ከሰኞ በቀር ሁሌም» ትላለች፤ ሦስተኛው ሰንብቶ ሲመልስ ክፍት የነበረው ቀን በሌላ ጉዳይ ተይዟል። ስለዚህ ሥራውን የምታውቅ ጸሐፊ እንግዶቹን ክፍት ጊዜያቸውን አትጠይቅም፤ አማራጭ ይዛ ትቀርባለች።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አዲስ አበባ የሚሠሩ የአንድ ማሠልጠኛ ተቋም ዳይሬክተር በመጋቢት 2018 ዓ.ም. ሦስት ኢትዮጵያውያን አማካሪዎችን በኦንላይን ለአንድ ሰዓት ማነጋገር ይፈልጋሉ እንበል። አንዱ ናይሮቢ፣ አንዷ ጄኔቫ፣ አንዱ ዋሽንግተን ናቸው። ጸሐፊዋ የምትጀምረው ከሁሉም ከሚርቀው ሰው ነው። የዋሽንግተኑ ፕሮፌሰር ሥራ የሚገቡት በአገራቸው አቆጣጠር ጠዋት 9:00 ሲሆን፣ ያን ጊዜ አዲስ አበባና ናይሮቢ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ዳይሬክተሩ ደግሞ 11:30 ላይ ከቢሮ ይወጣሉ። እንግዲህ ለሁሉም የሚሆነው ይህች የአንድ ሰዓት ተኩል ክፍተት ብቻ ናት። ጸሐፊዋ በሦስት ቀናት ላይ ይህንኑ ሰዓት በካላንደሩ «በቀጠሮ የተያዘ» ብላ ትዘጋለች፤ የምትጽፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ለፕሮፌሰሩ የሚሄደው ኢሜይል ይህን ይመስላል፦

«ክቡር ፕሮፌሰር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዳይሬክተራችን ስለ አዲሱ የሥልጠና ዕቅድ ከእርስዎና ከሌሎች ሁለት አማካሪዎች ጋር በኦንላይን ለአንድ ሰዓት መወያየት ይፈልጋሉ። ሦስት ቀናት ይዘናል፦ ሰኞ መጋቢት 7 (ማርች 16)፣ ማክሰኞ መጋቢት 8 (ማርች 17) እና ረቡዕ መጋቢት 9 (ማርች 18)። ሰዓቱ በሦስቱም ቀናት በዋሽንግተን ጠዋት 9:00፣ በአዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። እስከ ማክሰኞ የካቲት 24 (ማርች 3) ድረስ የሚመችዎትን ቀን ሁሉ፣ ከአንድ በላይ ቢሆንም፣ እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ለጄኔቫዋም ለናይሮቢውም በየራሳቸው ሰዓት ተጽፎ ለየብቻ ይላካል። በአንድ ኢሜይል ቢሆን ኖሮ አንዱ ለሁሉም ሲመልስ የቀሩት ያንን እያዩ ሐሳባቸውን ይቀይሩ ነበር፤ የግል አድራሻቸውም ሳያስፈቅዷቸው ለሌላው ይደርስ ነበር።

ሰዓቱ በሁለት አቆጣጠር የተጻፈው ያለምክንያት አይደለም። «10 ሰዓት» ብቻ ቢባል፣ አሜሪካ ለዓመታት የኖረ ሐበሻ የራሱን የረፋድ 10:00 ሊመስለው ይችላል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ መጋቢት 8ን «8/7» ብሎ መጻፍ ዋሽንግተን ላይ ኦገስት 7፣ ጄኔቫ ላይ ጁላይ 8 ተብሎ ይነበባል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ብዙ ጸሐፊዎችን የሚጥለው ግን ሌላ ነው። ኢሜይሉ የተላከው ሐሙስ የካቲት 19 (ፌብሩዋሪ 26) ከሆነ፣ ያን ዕለት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ማርች 8 ላይ አሜሪካ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለምትገፋ ልዩነቱ 7 ይሆናል። አውሮፓ የምትቀይረው ማርች 29 ነውና ጄኔቫ በዚያ መሐል ከእኛ በ2 ሰዓት እንደዘገየች ትቆያለች። በላከችበት ቀን ልዩነት ያሰላች ጸሐፊ የዋሽንግተኑን 9:00 ለአዲስ አበባ 11 ሰዓት ብላ ትይዘዋለች፤ ፕሮፌሰሩም ዳይሬክተሩን አንድ ሰዓት ሙሉ ይጠብቃሉ። መፍትሔው ቀጠሮውን በአዲስ አበባ የሰዓት ቀጠና ካላንደሩ ላይ መመዝገብና የሌሎቹን ከተሞች ሰዓት ከስብሰባው ቀን ላይ ማየት ነው። የዛሬን ሰዓት አይቶ መደመርና መቀነስ አያስተማምንም።

መልሱ መጣ እንበል። ፕሮፌሰሩ ሰኞና ማክሰኞ፣ የጄኔቫዋ ማክሰኞና ረቡዕ ይመቸናል አሉ፤ ከናይሮቢ ድምፅ የለም። ቀነ ገደቡ ሲደርስ ጸሐፊዋ ሌላ ኢሜይል አትጽፍም፤ ስልክ ደውላ ስለ ማክሰኞ ብቻ ትጠይቃለች። እሺ ከተባለች ለሁሉም አንድ የካላንደር ግብዣ ከነስብሰባው ሊንክ ትልካለች፤ ሰኞንና ረቡዕን በዚያው ዕለት ትለቃለች። ይህን የመጨረሻውን የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ የዳይሬክተሩ ካላንደር በሌሉ ስብሰባዎች የሚሞላውም በዚህ ነው። የናይሮቢው ማክሰኞ ካልቻሉስ? ማን ቢቀር ስብሰባው እንደማይካሄድ ከዳይሬክተሩ ጋር አስቀድማ የተነጋገረች ጸሐፊ እዚህ ላይ አትቸገርም።

እንዲህ ያለ ኢሜይል ከደረስዎት የመጀመሪያውን ምቹ ቀን ብቻ መርጠው አይመልሱ፤ የሚመችዎትን ሁሉ ይጻፉላት።