እህል መጥላት፣ ትንታና የሆድ ድርቀት፦ በሚጦሩ ወላጆች ቤት የሚነገረው ተረትና እውነታው

አረጋውያን ወላጆቻቸውን በቤታቸው አኑረው የሚጦሩ ቤተሰቦች ወደ ሐኪም በቀረቡ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት «እህል አልቀምስ አሉን» የሚለውን አቤቱታ ነው፤ ነገሩ ሲብራራ ውሃ በጠጡ ቁጥር ትን እንደሚላቸው ይናገራሉ፤ በመጨረሻም፣ ነውር መስሎ ስለሚታያቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሆዳቸው ከደረቀ ስንት ቀን እንደ ሆነው ይገልጻሉ። ቤተሰቡ መድኀኒት የሚሻውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። የሕመሙ ባሕርይ ግን ብዙውን ጊዜ ተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱም የመዋጥ ኀይላቸው የደከመ እናት ትንታውን ፈርተው ውሃ ይቀንሳሉ፤ ውሃ ሲያንስ ትልቁ አንጀት በውስጡ ካለው ነገር እርጥበቱን መጥምጦ ዐይነ ምድሩን ያደርቀዋል፤ የደረቀውም ተከማችቶ ሆድን ሲነፋ ጨጓራ ቶሎ አይጎድልም፤ ጨጓራ ካልጎደለ ደግሞ ረኀብ ከወዴት ይመጣል? እንግዲህ ሦስት የሚመስሉን ደዌያት እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ናቸውና፣ በማጉረስ ብቻ ለመርዳት የሚነሣ ሰው ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል።

«ሰው ሲያረጅ አለመብላቱ የተፈጥሮ ሕግ ነው» የሚለው የመጀመሪያው ተረት ግማሽ እውነት አለበት። በእርግና ዘመን የማሽተትና የመቅመስ ኀይል ይደክማል፣ ጨጓራም በጥቂቱ ይጠግባል፣ ሥራው ያነሰለት ሰውነትም የሚሻው እህል ይቀንሳል። ሰውነት እየመነመነ መሄዱ ግን ከሕጉ ውጭ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ባለፈው ዓመት ቀለል ያለ ስትሮክ መትቷቸው የዳኑ፣ ዕድሜያቸው 78 ዓመት የሆነ አንዲት እናት አሉ እንበል። በመስከረም ሲመዘኑ 52 ኪሎ የነበሩት እኒህ እናት በመጋቢት 48 ኪሎ ቢሆኑ፣ በስድስት ወር ውስጥ ከሰውነታቸው ከመቶ ወደ ስምንት እጅ የሚጠጋ አጥተዋል ማለት ነው፤ ሐኪሞች ደግሞ ሳይታሰብ የደረሰ ጉድለት ከመቶ አምስት እጅ ካለፈ ምክንያቱ ሊመረመር ይገባዋል ይላሉ። ሚዛን በሌለበት ቤት ቀለበት ከጣት መውለቅ ሲጀምርና መቀነት ሲረዝም ያንኑ ይመሰክራል።

ምርመራው ከአፍ ይጀምራል። ድድ በመሟሸሹ የላላ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ በምላስ ላይ የተነጠፈ ነጭ ሻጋታ፣ ወይም በጉንጭ ውስጥ የተሸሸገ ቁስል እህልን ጠላት ሊያደርገው ይችላል። ከአፍ ቀጥሎ የመድኀኒቱን ከረጢት መፈተሽ ያሻል፤ ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት እንክብል፣ ለሕመም ማስታገሻ የሚታዘዙት ትራማዶልና ኮዴን፣ እንዲሁም አሚትሪፕቲሊን አንጀትን ያስራሉ፤ የስኳር መድኀኒት የሆነው ሜትፎርሚን ደግሞ የምግብ ፍላጎትን የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ይህን ስንል ቤተሰብ መድኀኒቱን በራሱ ሥልጣን ያቋርጥ ማለታችን አይደለም፤ ከረጢቱን እንዳለ ይዞ ሐኪም ፊት ይዘርግፈው ማለታችን ነው። የትዳር ጓደኛቸውን ቀብረው የተመለሱ አረጋውያን ኀዘንም ራሱን የቻለ ደዌ ሊሆን እንደሚችል አይዘነጋ።

ሁለተኛው ተረት ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚጎዳ ስለ ሆነ ሰፋ ያለ ሐተታ ይገባዋል፤ ይኸውም «የሚያንቀው ጠጣሩ ነው እንጂ ውሃ ማንንም አያንቅም» የሚለው ነው። ስንውጥ ማንቁርታችን ወደ ላይ ተነሥቶ የአየር ቧንቧው ይከደናል፤ ይህም የሚፈጸመው ከቅጽበት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። በስትሮክ፣ በፓርኪንሰን ሕመም ወይም በመርሳት በሽታ ይህ ሥርዓት ሲዘገይ፣ ከሁሉ ፈጥኖ የሚሮጠው ቀጭኑ ውሃ ክዳኑ ሳይዘጋ ይደርስና ወደ ሳንባ ይወርዳል። ስለዚህ ደረቅ እንጀራ በጉሮሮ የቀረባቸውን እናት «ውሃ ያውርዱበት» ማለት ቅን ቢመስልም አደጋን በአደጋ ላይ መጨመር ነው። አንዳንዱ አረጋዊም የጉሮሮው ስሜት ስለ ጠፋ ጭራሽ አያስለውም፤ የዚህ ዐይነቱ ስውር ትንታ የሚታወቀው ከጠጡ በኋላ ድምፅ ውሃ እንደ ያዘ ሲንኮረኮር፣ ማታ ማታ ያለ ምክንያት ሲያተኩስ፣ ወይም የሳንባ ምች እየተመላለሰ ሲይዝ ነው። «እንጥል ወርዶ ነው» ብሎ ማስቆረጥ ለዚህ አንዳች አይፈይድም፤ ቁስልና ደም መፍሰስ ይጨምራል እንጂ።

መፍትሔው አጥሚት በምናውቅበት አገር ሩቅ አይደለም። ከማንኪያ ላይ ሲዘቀዘቅ ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብ አጥሚት ወይም ወፈር ያለ ሾርባ፣ የዘገየው ጉሮሮ እስኪዘጋጅ ድረስ ይጠብቃል። ሆኖም መወፈሩም ልክ አለው፤ እንደ ገንፎ የጠጠረ ነገር በጉሮሮ ላይ ቀርቶ በኋላ ይንሸራተታልና ልኩን የመዋጥ ችግርን የሚያውቅ ባለሙያ ቢወስነው የተሻለ ነው። አንድ ነገር ደግሞ በብዙ ቤት አይታወቅም፦ በምራቅ ውስጥ የዱቄትን ኀይል የሚያፈርስ ቅመም ስላለ፣ አፍ የነካ ማንኪያ ተመልሶ በገባበት ጽዋ ውስጥ ያለው አጥሚት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀጥኖ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ከዋናው ዕቃ በሌላ ማንኪያ ጥቂት ጥቂት እየቀዱ ማቅረብ ይገባል።

አቀራረቡም ሥርዓት አለው። እኒያን እናት አልጋ ላይ አጋድሞ ማብላት ፈጽሞ አይገባም፤ በወንበር ላይ ቀና ብለው እግራቸው መሬት ረግጦ፣ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ጥቂት ዘንበል አድርገው ይቀመጡ። የሚያበላውም ሰው ቆሞ ሳይሆን ከእሳቸው ትክክል ተቀምጦ ይመግብ፤ ቆሞ የሚያበላ ሰው ሕሙማን ሽቅብ እንዲያንጋጥጡ ያደርጋልና፣ ማንጋጠጥ ደግሞ የአየሩን ቧንቧ ይከፍተዋል። ብርጭቆውም ሲጋመስ ያንኑ ማንጋጠጥ ስለሚያመጣ በሻይ ማንኪያ ማጠጣት ይሻላል። ማንቁርታቸው ተነሥቶ መውረዱን ሳያዩ ሁለተኛውን ማንኪያ አለማስከተል፣ በሚውጡበት ጊዜ አለማናገር፣ በደከመው ጎን ጉንጭ ውስጥ ምግብ ተወሽቆ እንደሆነ መመልከት፣ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብለው እንዲቆዩ ማድረግ የግድ ነው። ጉርሻ የፍቅር ምልክት መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጉሮሮ ላይ ትልቅ ጉርሻ የሚያስገባ ልጅ ፍቅሩን በሌላ ነገር ቢገልጥ እመርጣለሁ። አፍን ጧትና ማታ በብሩሽ ማጽዳትም የውበት ጉዳይ አይደለም፤ በትንታ ወደ ሳንባ የሚወርደው ምራቅ የሚሸከመው ተሕዋስ ካነሰ የሳንባ ምች ያንሳልና።

ወደ ሆድ ድርቀት ስንመለስ፣ «በየቀኑ ያልወጣ ሰው ታሟል» የሚለውን በአንድ ቃል ማለፍ ይቻላል፤ በቀን ከሦስት ጊዜ አንሥቶ በሳምንት እስከ ሦስት ጊዜ ድረስ ለስላሳ ሆኖ ያለ ምጥ ከወጣ ጤና ነው። የከፋው ተረት «ተቅማጥ ያለው ሰው ድርቀት የለበትም» የሚለው ነው። በምሳሌ ያነሣናቸው እናት አሥር ቀን ሙሉ ሳይወጡ ቆይተው፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ልብሳቸውን የሚያበላሽ ቀጭን ፈሳሽ ቢያመልጣቸው፣ ቤተሰቡ ተቅማጥ ነው ብሎ ሩዝና ወፍራም ሻይ፣ ይባስ ብሎም ማቆሚያ እንክብል ይሰጣቸዋል። እውነታው ግን በአንጀታቸው መጨረሻ ላይ የጠጠረ ዐይነ ምድር እንደ ድንጋይ ተደንቅሮ፣ ከበላዩ ያለው ፈሳሽ ብቻ በጎኑ እየሾለከ መሆኑ ነው። ሐኪሙ በጓንት ጣቱን አስገብቶ በመፈተሽ ይህን ያረጋግጣል፤ በግሊሰሪን ወይም ነርስ በምትሰጠው የአንጀት ማጠቢያ መንገዱ ይከፈታል፤ ከዚያም ላክቱሎዝ የተባለው ሽሮፕ፣ ለምሳሌ 15 ሚሊ ሊትር ጧትና ማታ፣ ይታዘዛል። ይህ መድኀኒት ሥራውን እስኪጀምር ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላልና ዘገየ ተብሎ አይደረብም፤ ቀጭን ስለ ሆነም በአጥሚት ተቀላቅሎ ቢሰጥ ይሻላል። መንገዱ በተከፈተ በጥቂት ቀን ውስጥ እኒያው እናት ማንም ሳያስገድዳቸው ቁርስ ቢጠይቁ አይገርምም።

በየቤቱ የሚታዘዙት ማለስለሻዎችስ? ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ በማንኪያ ማጠጣት ለጤነኛ ጉሮሮ ጉዳቱ ያን ያህል ላይሆን ይችላል፤ ትንታ ባለበት ሰው ግን ቅባቱ ሳያስለው ወደ ሳንባ ገብቶ የማይለቅ ቁጣ ያስነሣል። ደረቅ ተልባም ውሃ ባገኘ ጊዜ የሚያብጥ ነውና መዋጥ ለሚቸግረው ሰው በጉሮሮ ላይ ሊያብጥ፣ ውሃ ለማይጠጣም በአንጀት ውስጥ ሊደድር ይችላል። ኮሶ ለኮሶ ትል የተሰጠ ብርቱ መድኀኒት እንጂ የደረቀ ሆድ ማለስለሻ አይደለም። ቢሳኮዲል የተባለውን እንክብል ፈጭቶ መስጠትም ልባሱን ያፈርሰዋልና አይገባም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብና ኩላሊት ካልከለከሉ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል መጠጥ፣ አጥሚቱና ሾርባው ጭምር ተቈጥሮ፣ ይጠጡ። የወፈረ መጠጥ ቶሎ ስለሚሰለች መቍጠሩ አይቀርም። ሆድም ቁርስ ከተበላ በኋላ በራሱ ስለሚንቀሳቀስ፣ በዚያን ሰዓት ከእግራቸው በታች ዝቅተኛ ዱካ ተደርጎ፣ ጉልበታቸው ከወገባቸው ከፍ ብሎ ጥቂት ደቂቃ ብቻቸውን ይቀመጡ። መጸዳጃው በግቢው ዳር በሆነበት ቤት አሮጊት ሌሊት መውጣት ፈርተው ይቋጥራሉና፣ ከአልጋ አጠገብ ፖፖ ማኖር ከመድኀኒት የማያንስ ርዳታ ነው።

የጾም ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። እናቶቻችን በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተትና ዕንቁላል ትተው፣ እስከ ተሲዓት ሳይቀምሱ ቈይተው፣ መድኀኒቱንም ውሃ ያስገድፋል ብለው ሲያልፉት ይታያሉ። ልጅ ቢከራከራቸው ልባቸውን ከማሳዘን በቀር አይረታቸውም፤ ስለዚህ የንስሐ አባታቸውን ጠርቶ ሕመማቸውን ማስረዳት ይሻላል፤ ካህኑ ለሕሙማን የሚያደርጉትን ማቅለል ያውቁታል፣ ቃላቸውም ከልጅ ቃል ይሰማል። ጾሙን አልተውም ቢሉ እንኳ ሰዓቱ አጥሮ በደንብ የላመ የምስር ክክ፣ ለስለስ ያለ ሽሮና የለውዝ አጥሚት ሊቀርብላቸው ይችላል።

ምግቡ በጉሮሮ ሳይሆን በደረት መካከል እንደሚቆም የሚናገሩ፣ በመጀመሪያ እንጀራው፣ በኋላ ገንፎው፣ በመጨረሻም ውሃው አልወርድ ያላቸው አረጋዊ ግን ከዚህ ሐተታ ውጭ ናቸው። ይህ የምግብ ቧንቧ ጥበት ምልክት ስለ ሆነ፣ በአርሲና በባሌ አገሮች ብዙ ሰው የሚያጠቃው የዚሁ ቧንቧ ካንሰርም እንዲህ ስለሚጀምር፣ በአጥሚት ማወፈር ጊዜ ሳይጠፋ በኢንዶስኮፒ መታየት አለበት። ከምግብ በኋላ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር የመጣባቸው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ የሚያስመልሳቸውና ፈስ እንኳ የተከለከሉ፣ ወይም ደም ያለበት አልያም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዐይነ ምድር የወጣቸው ደግሞ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይድረሱ።